የመመለሻ ጊዜና የተሻሻለ ውስጣዊ የትርፍ ምጣኔ፦ በአንድ የጣና ጀልባ ስሌት

የመመለሻ ጊዜ ማለት ለአንድ ሥራ የወጣው ገንዘብ ከሥራው በሚገኝ የተጣራ ገቢ እስኪተካ ድረስ የሚያልፈው ጊዜ ነው። በባሕር ዳር ጀልባ ለመግዛት ወይም በሐይቁ ዳር መሬት ለማልማት ያሰበ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ገንዘቤን በስንት ዓመት ይመልስልኛል?» ብሎ ስለሆነ፣ ከመለኪያዎቹ ሁሉ በሰፊው የሚሠራበት ይህ ነው። ለማሳያ ያህል፣ ጎብኚዎችን ወደ ዘጌና ወደ ክብራን ገብርኤል የሚያመላልስ የሞተር ጀልባ በ2,000,000 ብር ተገዛ፤ ነዳጅ፣ ደመወዝና ጥገና ተቀንሶ በየዓመቱ 800,000 ብር ለ4 ዓመት ያስገባል እንበል። ወጪው በ2 ዓመት ተኩል ይመለሳል።

ይህ «ተኩል» የዓመቱ ገቢ በየወሩ እኩል ይገባል ከሚል ግምት የመጣ ነው። የጎብኚው ብዛት ግን ከገና እስከ ጥምቀት ባለው ሰሞን ከፍ ይላል፣ በክረምት ደግሞ ይቀንሳል። ስለዚህ ጀልባው ሥራ የጀመረው በመጋቢት ከሆነ፣ የሦስተኛው ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ቀዝቃዛው ወቅት ላይ ስለሚውል ገንዘቡ የሚመለሰው ስሌቱ ካለው ዘግይቶ ነው።

ከዚህ የከፋው ስሕተት ግን ገንዘቡ ከተመለሰ በኋላ የሚሆነውን አለማየቱ ነው። በዚያው 2,000,000 ብር ማንጎ ቢተከልና ችግኙ እስኪያፈራ በመካከሉ ሽንኩርት ቢመረት፣ ገቢው በ6 ዓመት ውስጥ በቅደም ተከተል 200,000፣ 400,000፣ 900,000፣ 1,200,000፣ 1,500,000 እና 1,500,000 ብር ይሁን። የማንጎው መመለሻ ጊዜ 3.4 ዓመት ያህል ነው። «ከ3 ዓመት በላይ የሚወስድ አልገባበትም» የሚል ባለገንዘብ ጀልባውን ይመርጣል፤ ወደፊት የሚገባው ብር በ20 በመቶ የቅናሽ ምጣኔ ወደ ዛሬ ዋጋ ተመልሶ ሲሰላ ግን የጀልባው የተጣራ የአሁን ዋጋ፣ ማለትም ከገቢው የዛሬ ዋጋ ላይ ወጪው ሲቀነስ የሚተርፈው፣ 71,000 ብር ገደማ ሲሆን የማንጎው 649,000 ብር ይደርሳል።

በቅናሽ የተሰላ የመመለሻ ጊዜ የየዓመቱን ገቢ በመጀመሪያ ወደ ዛሬ ዋጋ ይመልስና ከዚያ ይደምራል። በ20 በመቶ የጀልባው የአራት ዓመት ገቢ 666,667፣ 555,556፣ 462,963 እና 385,802 ብር ስለሚሆን፣ ወጪው የሚመለሰው በ3.8 ዓመት ነው። የገንዘብን የጊዜ ዋጋ ችላ ማለቱ ታርሟል፤ ማንጎው ግን 4.8 ዓመት ስለሚወስድ አሁንም ከጀልባው ኋላ ይሰለፋል። ሌላም ክፍተት አለ። ባለጀልባው በ5ኛው ዓመት መጨረሻ የሠራውን መሳፈሪያ አፍርሶ ዳርቻውን ለማጽዳት 200,000 ብር ቢያወጣ፣ የዚህ የዛሬ ዋጋ 80,000 ብር ያህል ነው። መመለሻ ጊዜው እዚያው 3.8 ላይ ይቆማል፣ ሥራው ግን በጥቅሉ ወደ 9,000 ብር ገደማ ኪሳራ ተለውጧል። ስለዚህ ይህ መለኪያ እንደ ማለፊያ ፈተና ሊያገለግል የሚችለው ከመመለሻው በኋላ ትልቅ ወጪ በማይጠበቅበት ሥራ ብቻ ነው።

የተሻሻለ ውስጣዊ የትርፍ ምጣኔ ጉዳዩን በሌላ በኩል ይይዘዋል። ያለዚያ ወጪ ሲታይ የጀልባው ተራ ውስጣዊ የትርፍ ምጣኔ፣ ማለትም የተጣራ የአሁን ዋጋውን ዜሮ የሚያደርገው የቅናሽ ምጣኔ፣ 21.9 በመቶ ነው፤ ባለቤቱ 2,000,000 ብሩን ለ4 ዓመት በዚያው ምጣኔ አሳድጎታል ለማለት ግን የገባው ገንዘብም ወዲያው በ21.9 በመቶ መሥራት አለበት። የተሻሻለው ስሌት ይህን ግምት ትቶ ገቢው የሚያድግበትን ምጣኔ ለይቶ ይጠይቃል፣ እስከ ሥራው ዘመን መጨረሻም አሳድጎ ይደምረዋል። በ20 በመቶ ሲያድግ የጀልባው ድምር 4,294,400 ብር፣ 2,000,000 ብሩን በ4 ዓመት እዚያ የሚያደርሰው ምጣኔም 21 በመቶ ይሆናል።

አሳሳችነቱም የሚጀምረው ከዚሁ ጥያቄ ነው። በኮምፒውተር ሠንጠረዥ B1 ላይ የጀልባውን ወጪ -2000000፣ ከB2 እስከ B5 ደግሞ የየዓመቱን ገቢ 800000 አስገብቶ `=MIRR(B1:B5,20%,7%)` ብሎ የጻፈ ሰው፣ ገቢው በቁጠባ ሒሳብ በ7 በመቶ ይቀመጣል ማለቱ ስለሆነ 15.4 በመቶ ያገኛል፤ ከ20 በመቶ በታች ነውና ጀልባውን ውድቅ ያደርጋል። ጀልባው ግን አልተለወጠም። ባለቤቱ በ20 በመቶ ወለድ ተበድሮ ከሆነና በገባው ብር ዕዳውን የሚከፍል ከሆነ፣ እያንዳንዱ ብር 20 በመቶ ወለድ ያስቀርለታልና 7 በመቶን ማስገባት ስሕተት ነው። የገዛው በራሱ ገንዘብ ሆኖ ገቢውን ባንክ የሚያከማች ከሆነም፣ 15.4 በመቶው የሚለካው ጀልባውንና ቁጠባውን አንድ ላይ ነው፤ ዝቅተኛውን ትርፍ ያመጣው የኋለኛው ውሳኔ ነው። በእኔ አስተያየት፣ ሁለተኛውን ምጣኔ ከየት እንዳመጣ የማይገልጽ የብድር ጥያቄ ሰነድ ያቀረበው በመቶኛ ብዙም እምነት ሊጣልበት አይገባም።

በመጨረሻም ይህ ምጣኔ መጠንን አይናገርም። በ200,000 ብር የተገዛ ያገለገለ ሞተር 30 በመቶ ሊያሳይ ይችላል፤ ማንጎው በ20 በመቶ ሲሰላ የሚያሳየው 25.8 በመቶ ነው። ይሁንና ባለገንዘቡ ሁለቱንም መሥራት የማይችል ከሆነና የተረፈው 1,800,000 ብር ከ20 በመቶ የተሻለ ቦታ ከሌለው፣ በብር ብዙ የሚያተርፈው ማንጎው ነው።