የምስክርነት ቃልን ማበጠር፦ ያየው፣ የሰማው፣ የገመተው

ፖሊስ ፊት የተሰጠ የምስክርነት ቃል ውስጥ ምስክሩ ራሱ ያየው፣ ከሰው የሰማው፣ የራሱ አስተያየትና ግምቱ ተደባልቀው ይገኛሉ። ዐቃቤ ሕግም ጠበቃም ፍርድ ቤት ከመቆማቸው በፊት እነዚህን ይለያሉ። ሰውን ቀጥ አድርጎ በመጠየቅ የኖረው የአገራችን ሙግት ለዚህ ሥራ አዲስ አይደለም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቃሉ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ይቆራረጣል። አንድ መስመር አንድ ድርጊት ብቻ ይይዛል። ከዚያ እያንዳንዱ መስመር “በምን አወቀ?” ተብሎ ይጠየቃል።

ለምሳሌ አንድ ምስክር እንዲህ አለ እንበል። “ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ። ተከሳሹ ዱላ ይዞ ሲሮጥ አየሁ፤ ሰክሯል። ተበዳዩ መሬት ላይ ወድቋል። የመታው እሱ እንደሆነ ጎረቤቴ ነገረችኝ። በድንበር ስለሚጣሉ ለዚያ ሳይሆን አይቀርም።”

ሲነበብ ድብደባውን ያየ ይመስላል። አላየም። በራሱ ያወቀው ጩኸቱን፣ የሚሮጠውን ሰውና የወደቀውን ሰው ብቻ ነው። እሱም ቢሆን በምሽት ነውና ብርሃኑ፣ ርቀቱና ቀድሞ መተዋወቃቸው መጠየቅ አለበት። “ሰክሯል” አስተያየት ነው፤ ሲንገዳገድ አይቶ ወይም ትንፋሹ ሸትቶት ከሆነ ግን ከሥሩ እውነተኛ ምልከታ አለ። የጎረቤቷ ወሬ የስሚ ስሚ ነው፤ መፍትሔው እሷን ራሷን መጥራት ነው። የመጨረሻው መስመር ለሁለት ይከፈላል። ጠቡን ራሱ አይቶ ከሆነ እውቀት ነው፤ “ለዚያ ነው” ማለቱ ግን ግምት ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። ተከሳሹ “እገልሃለሁ” ሲል ምስክሩ በጆሮው ከሰማ፣ ዛቻው መነገሩን በተመለከተ ቀጥተኛ ምስክር ነው። የሰው ንግግር ሁሉ የስሚ ስሚ አይደለም። ሌላው ችግር ከመርማሪው ብዕር ይመጣል። “ድብደባ ተፈጽሟል” ተብሎ ሲጻፍ ማን እንዳየ ይጠፋል።

በሕጉ በኩል የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 137 ምስክሩን የጠራው ወገን የሚያቀርብለት ዋና ጥያቄ ምስክሩ በቀጥታ ወይም በተዘዋዋሪ በሚያውቀው ነገር ላይ እንዲሆን ያዛል። “በተዘዋዋሪ” የሚለው ለስሚ ስሚ በር ይከፍታል የሚሉ አሉ። ሌሎች አይቀበሉትም። ያም ሆነ ይህ፣ ተቀባይነት ማግኘትና መታመን ለየቅል ናቸው።

የተበጠረው ጽሑፍ የቢሮ መሣሪያ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ስለዚህ በእያንዳንዱ መስመር አጠገብ የዋናው ቃል ገጽ ይጻፋል። ምስክሩ ችሎት ላይ ሌላ ነገር ቢናገር፣ በቁጥር 145 መሠረት ለፖሊስ የሰጠው ቃል እንዲታይ ሲጠየቅ የሚቀርበው ዋናው ነው።