የመዝጊያ ስላይድ፦ ከምስጋና ወደ ተግባር ጥሪ

የመዝጊያ ስላይድ የአንድ ገለጻ የመጨረሻ ገጽ ነው። በብዙ ስብሰባዎች ላይ የሚታየው «አመሰግናለሁ» የሚል ቃል ብቻ ነው፤ አንዳንዶች «ጥያቄ ካላችሁ» የሚል ያክሉበታል። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው ግን ታዳሚው ከስብሰባው በኋላ ምን እንዲያደርግ እንደተፈለገ በግልጽ በሚናገረው ዓይነት፣ ማለትም የተግባር ጥሪ በያዘው ስላይድ ላይ ነው።

የጉዳዩ ቁልፍ ጊዜ ነው። ሌሎቹ ስላይዶች አንድ ሁለት ደቂቃ ታይተው ያልፋሉ፤ የመጨረሻው ግን ጥያቄና መልሱ እስኪያልቅ ድረስ ከስክሪኑ አይወርድም። ውይይቱ ሃያ ደቂቃ ከፈጀ፣ ታዳሚው ሃያ ደቂቃ ሙሉ ያንኑ ገጽ ያያል። ይህን ቦታ ለአንዲት የምስጋና ቃል መተው ብክነት ነው።

የንግግርን መደምደሚያ ለብቻው ማጥናት ቢያንስ ከአርስቶትል ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው አለን ሞንሮ ባወጣው ባለ አምስት ደረጃ የንግግር አደረጃጀት የመጨረሻውን ደረጃ «ተግባር» ብሎ ሰይሞታል። ፓወርፖይንት በ1987 ገበያ ላይ ዋለ።

ከሁሉ የበለጠ ብርሃን የሚሰጠው ማስረጃ የተገኘው ስለ ስላይድ ካልሆነ ጥናት ነው። ሃዋርድ ሌቨንታልና ባልደረቦቹ በ1965 ባሳተሙት ሥራ፣ ለዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ መንጋጋ ቆልፍ በሽታ የሚያስረዳ ጽሑፍ አስነበቡ። ለከፊሎቹ የተሰጠው ጽሑፍ እጅግ የሚያስፈራ ነበር፤ ለሌሎቹ ለዘብ ያለ። የሚያስፈራው ጽሑፍ ክትባቱን የመውሰድ ፍላጎትን ቢጨምርም፣ ሄዶ ለመከተብ ግን ፍርሃት ብቻውን አልበቃም። ለውጥ ያመጣው ሌላ ነገር ነበር፤ የጤና ጣቢያው የተመለከተበት ካርታ፣ ከሳምንቱ ፕሮግራም ውስጥ የሚመች ሰዓት እንዲመርጡና በየት በኩል እንደሚሄዱ እንዲያስቡ የሚጠይቅ መመሪያ። ይህ ከተሰጣቸው ወደ 28 በመቶ የሚሆኑት ሄደው ተከተቡ፤ ካልተሰጣቸው ግን 3 በመቶ ገደማ ብቻ። ተማሪዎቹ የመጨረሻ ዓመት ላይ ስለነበሩ ጣቢያው የት እንዳለ ሳያውቁ አይቀሩም። የጥናቱ ተሳታፊዎች ጥቂት በመሆናቸው ቁጥሮቹን አጥብቆ መያዝ አያስፈልግም፤ ይሁንና ሰውን ከሐሳብ ወደ ሥራ ለማሻገር ቦታና ሰዓት መንገር እንደሚረዳ ከዚያ በኋላ የወጡ ጥናቶችም ደግፈውታል።

ይህ በስላይድ ላይ ምን እንደሚመስል በምሳሌ እንመልከት። አንድ ክፍል የመጋዘን ዕቃ ምዝገባ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እንዲዛወር ለሥራ አመራሩ ገለጻ ያቀርባል። የመጀመሪያው ረቂቅ «ለጉዳዩ ትኩረት ቢሰጠውና አስፈላጊው ትብብር ቢደረግ» ይላል። አነጋገሩ ጨዋ ነው፤ ችግሩ ማን ትኩረት እንደሚሰጥ፣ ማንስ እንደሚተባበር አለመታወቁ ነው። ሁለተኛው ረቂቅ በጀት፣ ሥልጠና፣ ኮምፒውተርና ተጨማሪ ሠራተኛ በአንድ ላይ ይጠይቃል፤ ውይይቱም በቀላሉ ወደ ሠራተኛ ቅጥር ክርክር ይሄዳል። ሦስተኛው እንዲህ ይነበባል፦ «በአንድ መጋዘን የሦስት ወር ሙከራ ዛሬ ይፈቀድልን። የፋይናንስ ኃላፊው እስከ ዓርብ የሙከራውን በጀት ይልቀቁ። ሙከራው ካልተጀመረ የዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ እንደገና በእጅ ይሠራል።» በዚህ ውስጥ ጥያቄው አንድ ነው፤ ባለቤት አለው፤ ቀን አለው፤ መዘግየቱ የሚያስከትለውም ተነግሯል። ስላይዱ መብሰሉን ለመፈተን ቃለ ጉባኤ ያዡን ማሰብ ይበቃል፤ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ገልብጦ እንደ ውሳኔ ሊመዘግበው ከቻለ ሥራው አልቋል።

በስልክ የሚነበብ ኪውአር ኮድ ማስቀመጥም የተለመደ ሆኗል፤ ብዙ ጊዜ ግን ማዕዘን ላይ ተጨንቆ ይቀራል። በተለምዶ የኮዱ ስፋት ከአንባቢው ርቀት አንድ አሥረኛ እንዲሆን ይመከራል፤ አሥር ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው አንድ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ይህን ያህል ቦታ ከሌለ አጭር አድራሻ በትልቅ ፊደል መጻፍ ይሻላል።

ምስጋና ጨርሶ ይቅር ወይ በሚለው ላይ አሠልጣኞች አይስማሙም። በቃል ማመስገን ስላይዱን ለጥያቄው ነፃ ያደርገዋል የሚለው ወገን ያመዝናል። በሳይንሳዊ ጉባኤ ግን ባልደረቦችንና የገንዘብ ድጋፍ ሰጪዎችን በስላይድ ላይ መጥቀስ የተከበረ ልማድ ነው፤ እዚያም ቢሆን ስሞቹ ቀድመው ታይተው የመጨረሻው ገጽ ለዋናው ግኝት ሊተው ይችላል። ታዳሚው የመወሰን ሥልጣን በሌለው ስብሰባ ላይ ደግሞ ውሳኔ መጠየቅ ሰዎችን ማሳፈር ነው፤ እዚያ የሚጠየቀው አስተያየት፣ ወይም ጉዳዩን ለሚመለከተው ማድረስ ነው።

ለጥያቄ የተዘጋጁ ተጨማሪ ሠንጠረዦች ከመዝጊያው ስላይድ በኋላ ይቀመጣሉ። በፓወርፖይንት የስላይዱን ቁጥር ጽፎ Enter መጫን ወደተፈለገው ገጽ ይወስዳል። አቅራቢው መልሱን እንደጨረሰ በዚሁ መንገድ ወደ መዝጊያው ካልተመለሰ፣ ስብሰባው ሠንጠረዥ ላይ ይበተናል።