የዜና ሻማ ምንድን ነው?

የምንዛሪ ጥንዶችን ቻርት የሚከታተል ሰው ደጋግሞ የሚያጋጥመው አንድ ዓይነት ሻማ፣ ማለትም በአንድ የተወሰነ ጊዜ ውስጥ የነበረውን የዋጋ እንቅስቃሴ የሚያሳይ ምልክት፣ አለ። ከጎረቤቶቹ ብዙ እጥፍ ይረዝማል፤ በመክፈቻና በመዝጊያ ዋጋ መካከል ያለው አካሉ አጭር ሲሆን ዋጋው የደረሰባቸውን ጫፎች የሚያሳየው ክሩ ግን ወደ ላይም ወደ ታችም ተዘርግቷል። ሰዓቱን ብትመለከቱ ብዙውን ጊዜ ቀጠሮው አስቀድሞ የታወቀ ዜና የወጣበት ነው፦ የማዕከላዊ ባንክ የወለድ ውሳኔ፣ የዋጋ ግሽበት አሃዝ ወይም የአሜሪካ የሥራ ስምሪት ሪፖርት። የዜና ሻማ የሚባለው ይህ ነው። እንደ ሌሎቹ ሻማዎች የገዢና የሻጭ ትግል አድርጎ ማንበብ ያሳስታል፤ ቅርጹን የሚሠሩት ሌሎች ነገሮች ናቸውና።

የመጀመሪያው የገበያው ባዶ መሆን ነው። ዋጋ የሚያቀርቡት ባንኮች አሃዙ ምን እንደሚሆን አያውቁም፤ በቆየ ዋጋ መያዝም አይፈልጉም። ስለዚህ ዜናው ከመውጣቱ ጥቂት ሰከንዶች በፊት ትዕዛዞቻቸውን ያነሳሉ ወይም ያርቃሉ። በመሸጫና በመግዣ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት፣ ማለትም ስፕሬዱ፣ በቅጽበት ይሰፋል። ሜታትሬደርን በመሰሉ ፕሮግራሞች ላይ የምናየው የምንዛሪ ቻርት ደግሞ በተለምዶ የሚሣለው እኛ በምንሸጥበት ዋጋ ብቻ ነው። የምንገዛበት ዋጋ አይታይም።

በቁጥር እንየው። ዩሮን በዶላር ስንመነዝር የመሸጫችን ዋጋ 1.0850፣ የመግዣችን 1.0851 ነው እንበል። ዜናው ሲወጣ የመጀመሪያው ወደ 1.0838 ወረደ፣ ሁለተኛው ወደ 1.0856 ወጣ። አንድ ፒፕ 0.0001 ስለሆነ የሁለቱ አማካይ የወረደው ሦስት ፒፕ ተኩል ብቻ ነው፤ ቻርቱ ግን የ12 ፒፕ ውድቀት ይሥላል። ዩሮ ሸጦ ስቶፕ ሎሱን፣ ማለትም ኪሳራውን የሚገታለትን ትዕዛዝ፣ 1.0855 ላይ ያስቀመጠ ሰው ደግሞ ከገበያው ይወጣል፤ የሸጠውን መልሶ የሚገዛው በማይታየው ዋጋ ነውና። ቻርቱን ሲያይ ግን ዋጋው ከ1.0850 በላይ ፈጽሞ አልወጣም። ብዙ ሰው ተጭበረበርኩ የሚለው እዚህ ላይ ነው። የመግዣውን መስመር በቻርቱ ላይ እንዲታይ ማድረግ፣ ከዚያም ያንኑ ደቂቃ በሌላ ብሮከር ቻርት ላይ ማየት ጉዳዩን ያጣራል። የምንዛሪ ገበያ አንድ ማዕከል ስለሌለው የክሩ ርዝመት ከብሮከር ብሮከር ይለያያል። አንዱ ጋር ብቻ የታየ ጫፍ ላይ ድጋፍና ተቃውሞ መስመር ማስመር ከንቱ ድካም ነው።

ሁለተኛው ነገር ሰዓቱ ነው። የአሜሪካው ፌዴራል ሪዘርቭ ውሳኔውን በጽሑፍ ካወጣ ከ30 ደቂቃ በኋላ የሊቀ መንበሩ ጋዜጣዊ መግለጫ ይጀምራል። ጽሑፉ ዶላርን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ንግግሩ ወደ ሌላው ሊገፋው ይችላል። የሁለቱ ውጤት በአንድ የሰዓት ሻማ ውስጥ ሲታጨቅ ረጅም ክርና ትንሽ አካል ይቀራል፤ መማሪያ መጻሕፍት የመመለሻ ምልክት የሚሉት ዓይነት። ቻርቱን ወደ አንድ ደቂቃ ብትቀይሩት ሁለት የተለያዩ እንቅስቃሴዎች ተነጣጥለው ይታያሉ።

አቅጣጫውም ቢሆን ከውሳኔው ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ገበያው የጠበቀውን አስቀድሞ በዋጋው ውስጥ አስገብቷልና። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 2015 የተቀማጭ ወለዱን ከአሉታዊ 0.20 ወደ አሉታዊ 0.30 በመቶ ዝቅ አደረገ። ወለድ ሲቀነስ ገንዘብ ይረክሳል ብሎ የጠበቀ ሰው ደነገጠ፤ ዩሮ በዚያው ቀን ከዶላር አንጻር 3 በመቶ ገደማ ጨመረ። ነጋዴዎቹ ከዚህ የበለጠ እርምጃ ጠብቀው ዩሮን አስቀድመው ሸጠው ነበር፤ ያ ሳይመጣ ሲቀር መልሰው ለመግዛት ተሽቀዳደሙ። ይህ ረጅም ሻማ የስፕሬድ ጥላ ሳይሆን እውነተኛ ነበር። የሚለየውም ስፕሬዱ ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ ዋጋው በአዲሱ ደረጃ መቆየቱ ነው።

መዛባቱ ዜናው ካለፈ በኋላም በአመልካቾች ላይ ይቆያል። የ14 ሻማዎችን አማካይ ስፋት የሚለካው ኤቲአር 10 ፒፕ ሆኖ ሳለ አንድ የ80 ፒፕ ሻማ ቢገባበት ወደ 15 ይዘላል፦ 13 ጊዜ 10 ሲደመር 80፣ ለ14 ሲካፈል። ገበያው በቀጣዩ ሰዓት ወደ ቀድሞ እርጋታው ቢመለስ እንኳ፣ ስቶፕ ሎሱን በኤቲአር የሚለካ ሰው ለሰዓታት ያህል ከሚገባው በላይ ያሰፋዋል። ኤቲአሩ በቀላል አማካይ የሚሰላ ከሆነ ደግሞ ያ ሻማ ከስሌቱ በሚወጣበት ሰዓት፣ ገበያው ምንም ሳይሆን፣ ቁጥሩ በድንገት ያሽቆለቁላል።