ቴርሞስታት ምንድን ነው? ከወንበር ሥር የተገኘው ባለ ሞላ ዕቃ

የእህቴ ልጅ ከኮምቦልቻ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከልኝ። ደሴ ኮምቦልቻ የሚመላለስበት አሮጌ ሃይስ በቅርቡ ገዝቷል። ከወንበሩ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ዕቃ አግኝቶ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው? ልጣለው?» ይላል።

ፎቶው ላይ ያለው መዳፍ ውስጥ የሚገባ ክብ ብረት ነው። ከሥሩ ሞላ አለው፤ በሞላው መሃል ደግሞ ነሐስ የመሰለ ድፍን በርሜል ተቀምጧል። አብሮት የሚሠራው ልጅ «የራዲያተር ክዳን ነው» ብሎታል። ስህተቱ የሚጠበቅ ነው፤ ሁለቱም ክብ ናቸው፣ ሁለቱም ሞላ አላቸው። ስለዚህ ከላይ፣ ከጎንና ከማስመሪያ ጋር አድርጎ እንደገና እንዲያነሳው ነገርኩት። በመጀመሪያ ግን የተጻፈው ቁጥር እንዲታይ ዝገቱን በጨርቅ እንዲጠርገው አደረግኩ።

መልሱ የመጣው ከቁጥሩ ነው። የራዲያተር ክዳን ላይ የሚጻፈው የግፊት ልክ ነው፤ 0.9 ወይም 1.1 የመሰለ። እዚህ የተጻፈው 82 ነው፤ የሙቀት ዲግሪ ማለት ነው። በዚያ ላይ ክዳን የሚቆለፍበት ጥርስና በእጅ የሚያዝበት ጆሮ ይኖረዋል። ይህኛው ግን በጠርዙ ላይ የምትንቀጠቀጥ ትንሽ ፒን አለችው። ዕቃው ቴርሞስታት ነው።

ቴርሞስታት በሞተሩና በራዲያተሩ መካከል የሚቀመጥ የውሃ በር ነው። በርሜሉ ውስጥ ሰም አለ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ሞላው በሩን ዘግቶ ይይዘዋል፤ ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ እዚያው ሞተሩ ውስጥ ይዞራል፣ ሞተሩም ቶሎ ይሞቃል። ውሃው 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሰሙ ቀልጦ ያብጥና ሞላውን ገፍቶ በሩን መክፈት ይጀምራል። ብዙውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 ሲደርስ ነው። ፒኗ ውሃ ሲሞላ አየር የምታሳልፍ ናት።

ታዲያ ከወንበር ሥር ምን ይሠራል? ልጁን «የሙቀት ቆጣሪው እንዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ መርፌው ወደ ታች ይወድቃል፤ ዳገቱን ሲመለስ ብቻ ከፍ ይላል። ነዳጅም ይበላል። በሩ ከተነሳ ውሃው ያለማቋረጥ በራዲያተሩ ያልፋል፣ ሞተሩም ሥራ ሲቀልለት ይቀዘቅዛል። የቀድሞው ባለቤት አስነቅሎት መሆኑ ገባኝ።

እኛ ጋ «ሞተሩ ካሞቀ ቴርሞስታቱን አውጣው» የሚለው ምክር የተለመደ ነው። ደግ ምክር አይደለም። አንዳንድ ቴርሞስታት ከታቹ ሌላ ትንሽ ሳህን አለው። ዋናው በር ሲከፈት ይህኛው ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን አቋራጭ ይዘጋል። እሱን ስታወጣው አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ከውሃው ከፊሉ ራዲያተር ሳይነካ ይመለሳል፣ ዳገት ላይ ሞተሩ ይብሱን ይግላል። የልጁን የጎን ፎቶ ስመለከት ያቺ ሳህን አለች።

ዕቃው ደህና መሆኑን ግን ፎቶ አይናገርም፤ መቀቀል ያስፈልጋል። በሽቦ ታስሮ ድስቱን ሳይነካ ውሃ ውስጥ ይንጠለጠላል፣ ቴርሞሜትርም አብሮ ይገባል። እዚህ ላይ ለደሴ ሰው የሚሆን አንድ ጉዳይ አለ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል 94 ገደማ። ስለዚህ ደሴ ላይ ውሃው እየተንተከተከ በሩ እስከ ጥጉ ባይከፈት ተበላሽቷል ማለት አይደለም፤ 95 የሚባለው ሙቀት ድስቱ ውስጥ የለም። መኪናው ውስጥ ግን የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ውሃው ሳይፈላ እዚያ ይደርሳል። እኛ የምናየው 82 አካባቢ መንቀሳቀስ መጀመሩንና ከዚያ እየሰፋ መሄዱን ነው። 88 የተጻፈበት ከሆነ ደሴ ላይ በድስት መፈተን ብዙም አያስተማምንም። አዲስ አጠገቡ ሰቅሎ ማወዳደር ይሻላል።

ልጁ ኮምቦልቻ ቀቀለው። ውሃው 94 ደረሰ፣ በሩ ንቅንቅ አላለም። ተዘግቶ ቀርቷል። ያኔ ሞተሩ አሙቆ ይሆናል፣ በአዲስ ከመለወጥ ይልቅ አውጥተውት ሄዱ።

«አብሽር፣ ግን አትጣለው» አልኩት። መለዋወጫ ቤት ይዞት ሄዶ ቁጥሩን፣ የክቡን ስፋትና የታችኛዋን ሳህን እያስተያየ አዲስ ገዛ፣ በጠርዙ ዙሪያ የሚገባውን የጎማ ማሸጊያም ጨምሮ። ሲገጠም በርሜሉ ወደ ሞተሩ፣ ፒኗ ወደ ላይ መሆን አለበት። ውሃ ሞልተው አየሩ እስኪወጣ ሞተሩን አስነስተው ጠበቁ።

ትናንት ሐረጎን ወርዶ ደወለልኝ። መርፌው ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ብሎ እዚያው ቆሟል።