የመሀል ሜዳ የቁጥር ብልጫ ምንድን ነው? እስቲ ዊንግባኩን ከአማካይ ጋር መቁጠር እናቁም

«3-5-2 ስለሚጫወቱ መሀል ሜዳ ላይ አምስት ናቸው፣ እነዚያ ደግሞ በ4-3-3 ሦስት ብቻ፣ ስለዚህ ይዋጣሉ።» ሰሞኑን አንድ ተንታኝ ይህንኑ ሲደግመው ሰማሁና ዝም ማለት አቃተኝ። ወንድሜ፣ ከአምስቱ ሁለቱ እኮ የጎን መስመሩን እየረገጡ ነው የሚውሉት! መሀል ያሉት ሦስት ናቸው። ሦስት ለሦስት። ብልጫው የታለ?

አሰላለፍ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ተዉት። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፤ ኳስ ሲይዙ ሜዳውን ወደ ጎን የሚለጥጠው ማን ነው?

የሠርግ ድንኳን አስቡ። ዳርና ዳር ያለው ካስማ ሸራውን ወጥሮ ሲይዝ መሀሉ ለተጋባዥ ይሰፋል። ካስማው ግን ራሱ ተጋባዥ አይደለም፣ ከውስጥ ገብቶ አይቀመጥም። በሦስት ተከላካይ የሚጫወት ቡድን ካስማዎቹ ዊንግባኮቹ ናቸው። በአራት ተከላካይና በሰፊ የመስመር አጥቂዎች የሚጫወተው ደግሞ ካስማዎቹ የመስመር አጥቂዎቹ ናቸው። ልዩነቱ ሁሉ ከዚህ ይመጣል፤ ካስማ ያልሆነው ሰው ነው ወደ መሀል የሚገባው።

የ2021 የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜን እንውሰድ፣ ፖርቶ ላይ ቼልሲ ከማንችስተር ሲቲ። ቱሄል በ3-4-2-1 ገባ። ጄምስና ቺልዌል መስመሩን ያዙ። ካንቴና ጆርጂንሆ መሀል ናቸው፣ ከነሱ ፊት ደግሞ ማውንትና ሃቨርትዝ ጠበብ ብለው ቆሙ። አራቱን በመስመር ብታገናኟቸው ሳጥን ይሆናሉ። ሲቲ መሀል ላይ ሦስት ነበረው፤ ጉንዶጋን ከኋላ፣ በርናርዶና ፎደን ከፊቱ። ሮድሪም ፈርናንዲንሆም ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነበሩ።

አራት ለሦስት ነው፣ ግን ዋናው ቁጥሩ እንኳ አይደለም፤ ትርፉ ሰው የቆመበት ቦታ ነው። ማውንትና ሃቨርትዝ የሚቆሙት ከተጋጣሚ አማካዮች ጀርባ ነው። በርናርዶና ፎደን ወደ ካንቴና ጆርጂንሆ ሲወጡ ጉንዶጋን ብቻውን ሁለት ሰው ይጠብቃል። 42ኛው ደቂቃ ላይ ሜንዲ ለቺልዌል ሰጠ፣ ቺልዌል ወደ ውስጥ ለማውንት፣ ቨርነር ሩጫውን ወደ ጎን አድርጎ ዲያዝን ይዞት ሄደ፣ ማውንት በተከፈተው በኩል ለሃቨርትዝ አሾለከለት። ጎል፣ ጨዋታውም 1 ለ 0 አለቀ። ልብ በሉ፣ ኳሱን አብዝቶ የያዘው ሲቲ ነበር። የቁጥር ብልጫና የኳስ ቁጥጥር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እሱም ሌላው የተንታኞቻችን ጣጣ ነው።

አራት ተከላካይ ያለው ቡድን መሀል ላይ ትርፍ ሰው ሲፈልግ ግን ከሌላ ቦታ ማምጣት አለበት። የመስመር አጥቂው ካስማ ነውና ቢገባ ድንኳኑ ይላላል። በግንቦት 2009 ባርሴሎና ማድሪድን ቤርናቤው ላይ 6 ለ 2 ሲያሸንፍ ጋርዲዮላ ኤቶን ወደ ቀኝ፣ ኦንሪን ወደ ግራ ሰፋ አድርጎ ሜሲን ከመሀል አጥቂነት ወደ ኋላ ሳበው። ማድሪድ መሀል ላይ ጋጎና ላስ ዲያራ ነበሩት። ከነሱ ፊት ዣቪ፣ ኢኒዬስታና ያያ ቱሬ፣ በዚያ ላይ ሜሲ። ካናቫሮና ሜትሰልደር የሚጠብቁት ሰው አጡ። ሜሲን ተከትለው ቢወጡ ጀርባቸው ለኦንሪና ለኤቶ ሩጫ ይከፈታል፣ ቢቀሩ ደግሞ መሀሉ አራት ለሁለት ነው።

ስለዚህ በሦስቱ ተከላካይ ትርፉ ሰው ቀድሞም እዚያው ቆሞ ይጠብቃል፣ የሚቸገረውም የተጋጣሚ የተከላካይ አማካይ ነው። በአራቱ ግን ትርፉ ሰው ከፊት መስመር ወርዶ ይመጣል፣ የሚቸገሩት የመሀል ተከላካዮቹ ናቸው። (ፉልባክን ወደ መሀል ማስገባትም አለ፤ ያኔ ትርፉ ሰው ከኋላ ነው የሚመጣው። ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።)

አሰልጣኞች የሚፈሩትንም ልጨምር። ተጋጣሚ የመስመር አጥቂዎቹን ዳር ባሉት የመሀል ተከላካዮች ላይ ልኮ፣ ፉልባኮቹ ደግሞ ዊንግባኮቹ ላይ ቢወጡ፣ ዊንግባኮቹ ወደ ኋላ ይገፋሉ። ካስማው ተነቀለ ማለት ነው። ሦስቱ ተከላካይ አምስት ይሆናሉ፣ ሁለቱ የፊት ሰዎች ደግሞ ለመርዳት ወደ መስመር ይወጣሉ። ያን ጊዜ መሀል ላይ ሁለት ለሦስት ነው፣ ወረቀቱ ላይ ግን አሁንም 3-4-2-1 ይላል። በቴሌቪዥን ለማወቅ ዊንግባኩ ኳስ ሲቀበል ፊቱ ወዴት እንደሆነ እዩ። ደጋግሞ በራሱ ሜዳ፣ ወደ ራሱ በረኛ ዞሮ የሚቀበል ከሆነ ብልጫው የተጋጣሚ ነው፣ ተንታኙ የፈለገውን ይቁጠር።