የዛፍ ዲያሜትር ምንድን ነው? በሁለት ቢኤፍኤስስ ለምን ይገኛል?

ዘጠኝ ዶቃ ውሰዱ። በስምንት እኩል ቁራጭ ክር አያይዟቸው። ሁለት ነገር ብቻ ጠብቁ፦ የትኛውም ዶቃ ተነጥሎ አይቅር፣ የትኛውም ክር ዞሮ ቀለበት አይስራ። እጃችሁ ላይ ያለው ነገር በኮምፒውተር ሳይንስ ዛፍ ይባላል። ዶቃው ኖድ ነው። ክሩ ደግሞ ኤጅ ይባላል፤ እዚህ ግን መስመር እያልኩ እቀጥላለሁ።

ዛፍን ዛፍ የሚያደርገው ጸባይ አንድ ነው። ከየትኛውም ዶቃ ወደ የትኛውም ዶቃ፣ የረገጡትን ሳይደግሙ የሚሄዱበት መንገድ አንድ ብቻ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ማረጋገጫው ላይ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

የዛፉ ዲያሜትር ማለት በዛፉ ውስጥ ያለው የረጅሙ መንገድ ርዝመት ነው። ከሁሉም ጥንዶች መካከል እርስ በርስ እጅግ የተራራቁትን ሁለት ዶቃዎች ፈልጉ። በመካከላቸው ያሉትን መስመሮች ቁጠሩ። ያ ቁጥር ዲያሜትሩ ነው።

እንዴት እናገኘዋለን? ደስ የሚል መንገድ አለ። ደስ ያላችሁን አንድ ዶቃ በጣታችሁ ይዛችሁ ሌላውን ሁሉ ወደ ታች ልቀቁት። ከሁሉ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለውን ዶቃ አስተውሉ። አሁን እሱን ያዙና የቀረውን እንደገና ልቀቁት። በዚህኛው ዙር ከሁሉ ዝቅ ያለው ዶቃ ከጣታችሁ ምን ያህል ይርቃል? ያ ዲያሜትሩ ነው። ሁለት ጊዜ ማንጠልጠል ብቻ። የዚህ ዘዴ ባለቤት ተደርጎ የሚጠቀሰው የኔዘርላንዱ ኤድስገር ዳይክስትራ ነው።

በኮምፒውተር ላይ «ማንጠልጠል» የሚባለው ሥራ ቢኤፍኤስ ነው። ቢኤፍኤስ ከአንድ ኖድ ይነሳል። መጀመሪያ በአንድ መስመር የሚደረስባቸውን ያዳርሳል፤ ቀጥሎ በሁለት መስመር የሚደረስባቸውን፤ ከዚያ በሦስት፣ እያለ ይወርዳል። ሲጨርስ የእያንዳንዱ ኖድ ርቀት ተጽፎ ይገኛል።

በቁጥር እንየው። ዘጠኙን ዶቃዎች ከ1 እስከ 9 እንቁጠራቸው። መስመሮቹ እነዚህ ናቸው፦

```
1-2  1-3  3-4  3-5  4-6  6-7  5-8  8-9
```

ከ1 እንነሳ። 2 እና 3 በ1 ርቀት ላይ ናቸው። 4 እና 5 በ2፣ 6 እና 8 በ3፣ 7 እና 9 በ4። ከሁሉ የራቁት ሁለት ናቸው፤ 7 እና 9። የቱን እንያዝ? የትኛውም ይሆናል። 9ን እንያዝ።

አሁን ከ9 እንነሳ። 8 በ1፣ 5 በ2፣ 3 በ3 ርቀት ላይ ነው። 1 እና 4 በ4፣ 2 እና 6 በ5፣ 7 ደግሞ በ6። ስለዚህ ዲያሜትሩ 6 ነው። መንገዱም 9፣ 8፣ 5፣ 3፣ 4፣ 6፣ 7 ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የተነሳንበት ኖድ 1 በረጅሙ መንገድ ላይ የለም። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ነው። የተነሳበትን ኖድ ሥር ብሎ ይጠራና «ከሥሩ ጀምሬ ጥልቅ የሆኑትን ሁለት ቅርንጫፎች ልደምር» ይላል። ከ1 በአንድ በኩል የሚወርደው ቅርንጫፍ ጥልቀቱ 1 ነው፤ በሌላው በኩል 4። ድምሩ 5 ይመጣል። መልሱ ግን 6 ነው። ረጅሙ መንገድ በተነሳንበት ኖድ የማለፍ ግዴታ የለበትም። ሁለተኛው ቢኤፍኤስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ኮዱ አጭር ነው፦

```python
from collections import deque

def bfs(s, g):
    dist = [-1] * len(g)
    dist[s] = 0
    q = deque([s])
    while q:
        u = q.popleft()
        for v in g[u]:
            if dist[v] == -1:
                dist[v] = dist[u] + 1
                q.append(v)
    return u, dist

a, _ = bfs(1, g)
b, dist = bfs(a, g)
print(dist[b])
```

`g[u]` የ`u` ጎረቤቶች ዝርዝር ነው። ቁጥራችን ከ1 ስለሚጀምር `g[0]` ባዶ ሆኖ ይቀመጣል። `q` ተራቸውን የሚጠብቁ ኖዶች ወረፋ ነው፤ ኖዶቹን የሚያወጣው በርቀታቸው ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ መጨረሻ ላይ የወጣው `u` ከሁሉ የራቀ ነው፤ ለብቻው መፈለግ አያስፈልግም። `dist` በእያንዳንዱ ጥሪ አዲስ መሆኑንም ልብ በሉ። የመጀመሪያውን ዙር ርቀቶች ሳያጠፋ ሁለተኛውን የሚጀምር ኮድ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል።

ከእያንዳንዱ ኖድ ቢኤፍኤስ ማስነሳትም ይቻል ነበር፤ መልሱ ትክክል ነው። ግን 200,000 ኖድ ላለው ዛፍ ወደ 40 ቢሊዮን ጉብኝት ይጠይቃል። በሁለቱ ቢኤፍኤስ ግን 400,000 ብቻ ነው።

ለምን ይሠራል? እኔን ሁልጊዜ የሚያስደስተኝ ይህ ክፍል ነው። ማሳየት ያለብን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከየትም ብንነሳ፣ ከሁሉ የራቀው ኖድ የአንድ ረጅም መንገድ ጫፍ ነው። ይህ እውነት ከሆነ ሁለተኛው ዙር ማብራሪያ አያሻውም። ጫፉን ከያዝን፣ ከእሱ እስከ ከሁሉ የራቀው ኖድ ያለው ርቀት ዲያሜትሩ ራሱ ነው።

ስም እንስጥ። መነሻችን «መ» ይሁን። ከመነሻው ከሁሉ የራቀው ኖድ «ረ» ይሁን። የእውነተኛው ረጅም መንገድ ሁለት ጫፎች ደግሞ «ሀ» እና «ለ» ይሁኑ። ከ«መ» ወደዚያ ረጅም መንገድ ስንሄድ መጀመሪያ የምንረግጠው ኖድ «ገ» ይባል። ዛፍ ስለሆነ በሌላ በር መግባት አይቻልም። መነሻው ራሱ መንገዱ ላይ ካለ «መ» እና «ገ» አንድ ናቸው።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው፦ ከ«መ» ወደ «ረ» ስንሄድ በ«ገ» እናልፋለን ወይስ አናልፍም?

እናልፋለን እንበል። ወደ «ረ»ም ሆነ ወደ «ሀ» ስንሄድ እስከ «ገ» ድረስ መንገዱ አንድ ነው። «ረ» ከሁሉ የራቀ ስለሆነ፣ ከ«ገ» በኋላ ያለው ጉዞው ወደ «ሀ» ከሚወስደው አያጥርም። ወደ «ለ» ከሚወስደውም አያጥርም። ከ«ገ» ወደ «ረ» ስንነሳ ደግሞ በአንድ ጊዜ ወደ «ሀ»ም ወደ «ለ»ም አቅጣጫ መሄድ አይቻልም። ወደ «ለ» አቅጣጫ አልሄድንም እንበል። እንግዲያው ከ«ለ» ተነስቶ በ«ገ» አልፎ «ረ» ላይ የሚያርፈው መንገድ የረገጠውን አይደግምም። ርዝመቱም ከ«ለ» እስከ «ሀ» ካለው አያንስም። ከዚያ የሚበልጥ መንገድ ስለሌለ ደግሞ እኩል ነው ማለት ነው። «ረ» ጫፍ ሆነ። ወደ «ለ» አቅጣጫ ሄደን ከሆነ «ሀ»ን በ«ለ» ቦታ ተክተን ያንኑ እንላለን።

በ«ገ» አናልፍም እንበል። ያኔ «ገ» ጋ ሳንደርስ አንድ መታጠፊያ ላይ ወደ «ረ» ተገንጥለናል። በቁጥር ልሞክረው። ከ«ገ» እስከ «ሀ» 3፣ ከ«ገ» እስከ «ለ»ም 3 ይሁን። ረጅሙ መንገድ 6 ነው ማለት ነው። ከመታጠፊያው እስከ «ገ» ያለው 1 ይሁን። እንግዲህ ከመታጠፊያው «ሀ» በ4 ርቀት ላይ ነው። «ረ» ከ«ሀ» የማይቀርብ ስለሆነ እሱም ከመታጠፊያው ቢያንስ 4 ይርቃል። አሁን ከ«ረ» ወደ መታጠፊያው፣ ከዚያ ወደ «ገ»፣ ከዚያ ወደ «ለ» ሂዱ። 4 ሲደመር 1 ሲደመር 3፣ 8 ነው። ረጅሙ መንገድ 6 ነው ብለን ነበር፤ 8 ከየት መጣ? ይህ ሊሆን አይችልም። ቁጥሮቹን ብትቀይሩም ያው ነው። ከመታጠፊያው እስከ «ገ» ያለው ርቀት ሁለት ጊዜ ስለሚደመር ሁልጊዜ ትርፍ ይመጣል። ስለዚህ ይህኛው ሁኔታ ከናካቴው አይፈጠርም።

ሁለት ነገር ላይ እንደተደገፍን አያችሁ? መንገዱ አንድ ብቻ መሆኑ ላይ፣ እና ርቀቱ ከዜሮ በላይ መሆኑ ላይ። አንዱ ሲጎድል ዘዴው ይወድቃል።

ቀለበት ያለበትን ግራፍ እንይ። 1፣ 2፣ 3 እና 4 አራት ማዕዘን ይሥሩ፤ መስመሮቹ 1-2፣ 2-3፣ 3-4 እና 4-1 ናቸው። በ2 ላይ 5ን፣ በ4 ላይ 6ን፣ በ3 ላይ ደግሞ 7ን አንጠልጥሉ። እዚህ ብዙ መንገድ ስላለ ርቀት የምንለው በአጭሩ መንገድ ነው። ከ1 ብንነሳ ከሁሉ የራቀው 7 ብቻ ነው፤ በ3 ርቀት ላይ። ከ7 ስንነሳ ደግሞ 1፣ 5 እና 6 ሁሉም በ3 ርቀት ላይ ናቸው። ዘዴው 3 ብሎ ይመልሳል። ነገር ግን ከ5 እስከ 6 ያለው ርቀት 4 ነው። ኮዱ ምንም ስህተት ሳያሳይ ዝም ብሎ ያሳስታል። ስለዚህ ግቤቱ በትክክል ዛፍ መሆኑን አስቀድሞ ማየት ይሻላል። የመስመሮቹ ቁጥር ከኖዶቹ በአንድ ማነስ አለበት፤ ከመጀመሪያው ቢኤፍኤስ በኋላም `dist` ውስጥ ከ1 ጀምሮ ባሉት ቦታዎች -1 መቅረት የለበትም።

መስመሮቹ የተለያየ ርዝመት ካላቸው፣ ሁሉም ከዜሮ በላይ እስከሆኑ ድረስ ዘዴው ይሠራል። በ`+ 1` ፋንታ የመስመሩን ርዝመት መደመር ነው። ወደ እያንዳንዱ ኖድ የሚወስደው መንገድ አንድ ስለሆነ የዳይክስትራ የአጭር መንገድ ዘዴ አያስፈልግም። ግን አንድ ወጥመድ አለ። አሁን ከወረፋው መጨረሻ የወጣው ኖድ ከሁሉ የራቀው ላይሆን ይችላል። በመስመር ብዛት ርቆ በርዝመት ቅርብ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ `dist` ውስጥ ትልቁን መፈለግ ግድ ነው።

ከዜሮ በታች የሆነ ርዝመት ካለ ግን ዘዴውን ተዉት። 1-2 ርዝመቱ -5፣ 2-3 እና 2-4 ደግሞ 4 ይሁኑ። ከ1 ስንነሳ 2 በ-5፣ 3 እና 4 በ-1 ላይ ናቸው። ከሁሉ የራቀው ራሱ 1 ይሆናል፤ በ0። ሁለተኛውም ዙር ከ1 ተነስቶ 0 ይላል። ከ3 እስከ 4 ያለው መንገድ ግን 8 ነው። እንዲህ ሲሆን ከታች ወደ ላይ እየወጡ፣ በእያንዳንዱ ኖድ ላይ ወደ ታች የሚሄዱትን ሁለት ረጃጅም ቅርንጫፎች መደመርና ከሁሉም ትልቁን መያዝ ነው። ቅርንጫፉ ከዜሮ በታች ከሆነ እንደ ዜሮ ይቆጠራል። ቅድም የጀማሪ ስህተት ያልነው ድምር እዚህ ላይ ትክክል የሚሆነው፣ በሥሩ ላይ ብቻ ሳይሆን በሁሉም ኖድ ላይ ስለተሠራ ነው።