የSUMIF መስፈርት ምንድን ነው? ዜሮ የሚመልሰውስ ለምንድን ነው?

ደጀን ላይ የእህል ግዢ በኤክሴል የሚመዘገብበትን ወረቀት እንውሰድ። A ላይ የእህሉ ዓይነት፣ B ላይ ኩንታሉ፣ C ላይ የደረሰኝ ቁጥሩ አለ። ከ2ኛው እስከ 6ኛው ረድፍ ያለው ይኼ ነው፦ ነጭ ጤፍ 12፣ ሰርገኛ ጤፍ 25፣ ነጭ ጤፍ 30፣ በቆሎ 40፣ ቀይ ጤፍ 8። E1 ላይ 20 ተጽፏል። ከ20 ኩንታል በላይ የሆኑት ግዢዎች ሲደመሩ ስንት ይሆናሉ? በእጅ ብንደምረው 95 ነው። ይህ ፎርሙላ ግን ዜሮ ይላል፦

```
=SUMIF(B2:B6,">E1")
```

መስፈርት ማለት ኤክሴል የትኛውን ረድፍ እንደሚቆጥር የምንነግርበት ጽሑፍ ነው። በጥቅስ ምልክት ውስጥ የገባን ነገር ደግሞ ኤክሴል እንዳለ ነው የሚያነበው። ስለዚህ E1 ውስጥ ያለውን 20 ሄዶ አያይም። «E1» የሚለውን ፊደል ራሱን ይዞ ያወዳድራል። ቁጥር ከፊደል ጋር ስለማይወዳደር አንድም ረድፍ አያልፍም። ስህተት ነው ብሎም አይነግረንም፤ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ዜሮውን እውነት ነው ብሎ ሪፖርት ውስጥ የሚያስገባ ሰው አይጠፋም።

መፍትሔው ምልክቱን ብቻ በጥቅስ ውስጥ መተው፣ ሴሉን ደግሞ ውጭ አውጥቶ በ & ማያያዝ ነው፦

```
=SUMIF(B2:B6,">"&E1)
```

አሁን 95 ይመጣል። ከተጠራጠራችሁ ፎርሙላችሁ ውስጥ ያለውን መስፈርት እንዳለ ባዶ ሴል ላይ ከ = ቀጥሎ ጻፉት፤ ለምሳሌ `=">"&E1`። >20 ካሳያችሁ መስፈርቱ ደህና ነው። >E1 ካሳያችሁ ጥፋቱን አገኛችሁት ማለት ነው።

የምልክቱ ቅደም ተከተልም ያው ዜሮ ያመጣል። "=>20" ብትሉ ኤክሴል = የሚለውን ብቻ እንደ ምልክት ይወስድና «>20» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ሴል ይፈልጋል። ትክክለኛው ">=20" ነው።

ጤፉን ብቻ እንደምር። "ጤፍ" ብቻ ከተጻፈ ውጤቱ ዜሮ ነው፤ ሴሉ ውስጥ ያለው ሙሉው ቃል «ነጭ ጤፍ» ነዋ! በፊቱና በኋላው ማንኛውም ፊደል ሊኖር ይችላል የሚል የኮከብ ምልክት ያስፈልጋል፦

```
=SUMIF(A2:A6,"*ጤፍ*",B2:B6)
```

75 ይሰጣል። ቃሉ E2 ላይ ከተጻፈ "*"&E2&"*" ይሁን። "*E2*" ያው የቅድሙ ስህተት ነው። ዳታቤዝ የለመዳችሁ ደግሞ % አትጠቀሙ፤ እዚህ አይሠራም።

ኮከቡ የሚሠራው ግን ለጽሑፍ ብቻ ነው። በ45 የሚጀምሩትን ባለ አራት አኃዝ ደረሰኞች ለመቁጠር "45*" ብትጽፉ፣ ቁጥሮቹ እንደ ቁጥር የገቡ ከሆነ ዜሮ ነው የምታገኙት። እንዲህ ያለውን በክልል ገድባችሁ ቁጠሩ፦

```
=COUNTIFS(C2:C6,">=4500",C2:C6,"<4600")
```